የንጉሡ ፊደላት በሲኒው ሥር፦ የድሬስደኑ የ«ኤ-አር» ምልክት ጉዳይ

ጉዳዩ የተነሣው በጀርመኗ ድሬስደን ነው፤ ዘመኑም 19ኛው ክፍለ ዘመን። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው። ሄለና ቮልፍዞን የምትባል ሴት ከ1843 ጀምሮ በከተማው የፖርሴሊን መሳያ ቤት ነበራት። እንዲህ ያለ ቤት ዋና ሥራው ነጭ ሲኒና ሳህን ይዞ፣ ሥዕል ሥሎበት፣ ወርቅ ቀብቶ መሸጥ ነው። ሥዕሉ ያምራል። ዛሬም ቢሆን ፈላጊ አያጣም። ጣጣው የሚጀምረው ዕቃው ሲገለበጥ ነው። ሥሩ ላይ በሰማያዊ ቀለም ሁለት የላቲን ፊደላት እርስ በርስ ተጠላልፈው ተጽፈዋል፦ ኤ እና አር።

ፊደላቱ የሴትዮዋ ስም መነሻ አይደሉም። «አውጉስቱስ ሬክስ»፣ ማለትም ንጉሥ አውጉስቱስ፣ ለሚለው የቆሙ ናቸው። ያንን ምልክት ከመቶ ዓመት በፊት ያወጣው በአቅራቢያዋ ከተማ በማይሰን የነበረው የንጉሡ የፖርሴሊን ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው በኋላ ቮልፍዞንን ፍርድ ቤት አቆማት፤ ረታም። እሷም ምልክቱን ተወች። እስከዚያ ድረስ የተሸጡት ዕቃዎች ግን አልተሰበሰቡም። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ፣ ሲወረሱና ሲሸጡ ኖሩ፤ አሁንም በየጨረታው ብቅ ይላሉ። አንዳንዱ ባለቤት የንጉሥ ዕቃ የያዘ ይመስለዋል። ምክንያቱን ሲጠየቅ ሲኒውን ገልብጦ ሥሩን ያሳያል።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ሁለቱንም ወጥመዶች በአንድ ቦታ ስለያዘ ነው። አንደኛው ሌላ ሰው የኮረጀው ምልክት ነው። ሁለተኛው ከዚያ የሚከፋው ነው፦ ራሱ ፋብሪካው የድሮ ሞዴሉን ከመቶ ዓመት በኋላ እንደገና ሲያወጣና ትክክለኛ ምልክቱን ሲያደርግበት።

ምልክቱ በመጀመሪያ የማን ነበር

የማይሰን ፋብሪካ በ1710 ተቋቋመ። ያቋቋመው የሳክሶኒ ገዢና የፖላንድ ንጉሥ የነበረው አውጉስቱስ ነው፤ በታሪክ «ብርቱው» በሚል ቅጽል ይታወቃል። ሰውየው የፖርሴሊን ሱስ ነበረበት ማለት ይቻላል። ከቻይናና ከጃፓን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ዕቃ አስመጥቷል። ድሬስደን ላይ «የጃፓን ቤተ መንግሥት» የተባለውን ሕንፃ በፖርሴሊን ሊሞላው አቅዶ ነበር። ለቤተ መንግሥቱና ለንጉሣዊ ስጦታ ከሚሠሩት ዕቃዎች ጥቂቶቹ፣ በተለይም ትልልቅ የአበባ ማስቀመጫዎች፣ ሥራቸው ላይ ኤ-አር ይጻፍባቸው ጀመር። ይህ የሆነው ከ1720ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1730ዎቹ አጋማሽ ገደማ ባለው ጊዜ ነው።

ፋብሪካው ለሌላው ዕቃ ሁሉ የሚጠቀመው ዛሬም ድረስ የምናውቃቸውን ሁለት የተሻገሩ ሰይፎች ነው። እነሱም ከሳክሶኒ የጋሻ ዓርማ የተወሰዱ ናቸው፤ በ1720ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ላይ ውለዋል። ስለዚህ ኤ-አር ከመጀመሪያውም ብርቅ ነበር። የታዘዘለት ሰው ንጉሥ ነው፤ የቆየበት ጊዜ ደግሞ አጭር።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። አውጉስቱስ በ1733 ሲሞት የነገሠው ልጁም ስሙ አውጉስቱስ ነው። ፊደላቱ ለአባትም ለልጅም ይሆናሉ። ስለዚህ ምልክቱ በአባትየው ሞት አላበቃም፤ «ከ1733 በፊት መሆን አለበት» ብሎ መደምደም ኦርጅናል በሆነው ዕቃ ላይ እንኳ ያሳስታል።

ሲኒውን እናገላብጠው

የቮልፍዞን ቤት በብዛት ካወጣቸው ዕቃዎች አንዱን ወስደን እንመርምር። ሲኒና ማስቀመጫ ሳህን ነው። አፉ ክብ አይደለም፤ አራት ቅጠል እንዳለው አበባ ወጣ ገባ ይላል። ገላው በአራት ክፍል ተከፍሏል። ሁለቱ ክፍሎች ቢጫ መደብ አላቸው፤ በላያቸው የአበባ እቅፍ ተስሏል። በመሃል ያሉት ሁለቱ ነጭ ናቸው። በነሱ ላይ ደግሞ የሐር ልብስ የለበሱ ወንድና ሴት በአትክልት ሥፍራ ሲጫወቱ ይታያሉ። ጠርዙ በወርቅ ተከቧል። ሥሩ ላይ በሰማያዊ ኤ-አር አለ።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከምልክቱ ነው። ምልክቱ ደግሞ ፈተናውን የሚያልፍ ይመስላል። ጣት ሲያርፍበት አይሻክርም፤ ምክንያቱም የተጻፈው ከግሌዝ በታች ነው። ግሌዝ የምንለው ያ መስታወት መሰል ልባስ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሸክላው አንድ ጊዜ በቀላል እሳት ይተኮሳል። ከዚያ ምልክቱ በኮባልት ይጻፋል። ቀጥሎ ዕቃው ግሌዝ ውስጥ ይነከርና ወደ 1,400 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት እንደገና ይተኮሳል። ኮባልቱ በልባሱ ሥር ታትሞ ይቀራል። በኋላ ሊጨመር አይችልም፤ ሊፋቅም አይችልም፣ ልባሱ አብሮ ካልተነሣ በቀር።

ሰብሳቢዎች «ከግሌዝ በታች ነው» ሲሉ ነገሩ ያለቀለት ያስመስሉታል። የሚያረጋግጠው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምልክቱ የተጻፈው ዕቃው ግሌዝ ከመልበሱ በፊት ነው። ማን እንደጻፈውና በየትኛው ክፍለ ዘመን እንደጻፈው አይናገርም። ኮባልት 1730 ላይም ሰማያዊ ነው፣ 1870 ላይም ሰማያዊ ነው። ምድጃ ያለው ማንም ሰው፣ ወይም ምድጃ ካለው ፋብሪካ ጋር የተስማማ ማንም ሰው፣ የፈለገውን ፊደል ከግሌዝ በታች ማስገባት ይችላል። የቮልፍዞን ምልክትም በትክክል እንዲህ ነው የሚገኘው።

የፊደሉስ ቅርጽ? እሱን ማወዳደር አይከፋም፤ እኔ ግን ብዙ አልታመንበትም። ኦርጅናሉ ምልክት በብሩሽ በእጅ የተጻፈ ስለሆነ አንዱ ከሌላው ይለያያል። ኮራጁም በእጅ ነው የሚጽፈው። ልማድ ያለው እጅ ደግሞ አይንቀጠቀጥም። «ይሄ ሲጽፍ አመንትቷል» እያሉ ከፊደል ላይ የሰው ጠባይ የሚያነቡ ባለሙያዎች አሉ። ሃምሳ እርግጠኛ ምልክቶችን ጎን ለጎን ላየ ሰው ይሠራ ይሆናል። በፎቶ ለሚያወዳድር ሰው ግን ገደል ነው።

ስለዚህ ምልክቱን እዚያው እንተወውና ወደ ሌላው እንሂድ። ቅርጹ ምን ይላል? ምንም አያጋልጥም። ማይሰን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ይህን ባለ አራት ቅጠል ሲኒ ሠርቷል። ቢጫው መደብም እንደዚሁ። ቮልፍዞን ከአየር ላይ የፈጠረችው ነገር የለም፤ የድሮውን ጥሩ አድርጋ አጥንታለች።

ሲኒውን የሚያጋልጠው ሥዕሉ ነው። እነዚያ በአትክልት ሥፍራ የሚጫወቱ ጥንዶች የመጡት ከፈረንሳዊው ሠዓሊ ከቫቶ ነው። ቫቶ በ1721 ሞቷል። ሥራዎቹ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጸው በኅትመት የተሰራጩት ግን ከሞተ በኋላ፣ በ1720ዎቹና በ1730ዎቹ ነው። የማይሰን ሠዓሊዎች ደግሞ የሚሠሩት ከኅትመት እያዩ ነበር። የቫቶ ትዕይንት በማይሰን ዕቃ ላይ በደንብ የሚታየው ከ1740 ገደማ ጀምሮ ነው። ከሁሉ የታወቀው ለኔፕልስ ንግሥት ለማሪያ አማሊያ የተሠራው «አረንጓዴ ቫቶ» የተባለው የማዕድ ዕቃ ስብስብ ነው፤ እሱም የ1740ዎቹ አጋማሽ ሥራ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ምልክቱ «እኔ ከ1730ዎቹ አጋማሽ አላልፍም» ይላል። ሥዕሉ «እኔ ከ1740 በፊት አልነበርኩም» ይላል። ሁለቱ አይገናኙም። ኦርጅናል ዕቃ ላይ ይህ ግጭት ሊኖር አይገባም። ግጭቱ የሚፈጠረው ከሁለቱም ዘመን በኋላ የመጣ ሰው ከአንዱ ምልክቱን፣ ከሌላው ሥዕሉን ወስዶ ሲያጋጥማቸው ነው። ለቮልፍዞን ደንበኞች ሁሉም «የድሮ ማይሰን» ነበር። አሥርና ሃያ ዓመት ልዩነት ማንም አልቆጠረም።

ሁለተኛው ምስክር የዕቃው ዓይነት ነው። ኤ-አር በዋነኛነት የሚገኘው በቤተ መንግሥት ዕቃ ላይ ነው፤ በተለይም በረጃጅም ማስቀመጫዎች ላይ። ከቮልፍዞን ቤት የወጣው ግን የየዕለት የሻይና የቡና ዕቃ ነው፤ ለዚያውም በገፍ። አንድ ሰው ኤ-አር ያለበት ስድስት ሲኒ ከነሳህኑ በአንድ ሳጥን ሲያቀርብልኝ ሥሩን ከማየቴ በፊት ነው የምጠራጠረው። ንጉሡ ያን ያህል ሲኒ አላዘዘማ!

ሦስተኛው ወርቁ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የወርቅ ዱቄት ይቀባና ይተኮሳል። ከምድጃ ሲወጣ ደብዛዛ ነው፤ በአጌት ድንጋይ እየታሸ ነው የሚያበራው። በጠርዝ በኩል ብርሃን ሲወድቅበት የማሻው ጭረት ይታያል፤ ቀለሙም ሞቅ ያለና የረጋ ነው። ከምድጃ ሲወጣ እያብረቀረቀ የሚወጣው ፈሳሽ ወርቅ የተገኘው እዚያው ማይሰን ነው፤ ያገኘውም የፋብሪካው ኬሚስት ሃይንሪሽ ጎትሎብ ኩን ሲሆን ዘመኑ 1830 አካባቢ ነው። ስስ ነው፣ እንደ መስታወት ይንጸባረቃል፣ በአጠቃቀም ቶሎ ይነሣል። እንዲህ ያለ ወርቅ ካለ፣ ቢያንስ ወርቁ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሊሆን አይችልም። የታሸ ወርቅ መኖሩ ግን በተቃራኒው ምንም አያረጋግጥም፤ ምክንያቱም አሮጌው ዘዴ አልጠፋም፣ ለውድ ሥራ መጠቀሙ ቀጥሏል።

አራተኛው አረንጓዴው ቀለም ነው። ይሄ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ግን ከሁሉ የማይከራከሩት እሱ ነው። ክሮሚየም የተባለው ንጥረ ነገር የተገኘው በ1797 ነው። ከዚያ በፊት በፖርሴሊን ላይ አረንጓዴ የሚገኘው ከመዳብ ነበር። በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መመርመሪያ ቅጠሉ ላይ ይደገናል፤ ዕቃው አይፋቅም፣ አይነካም። ክሮሚየም ካሳየ ያ ቅጠል የተሳለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ክሮሚየም ካላሳየ ግን ተጠንቀቁ። በመዳብ አረንጓዴ መሳል በ1870ም ይቻላል። አንድ ነገር መኖሩ ይናገራል፤ አለመኖሩ ግን ዝም ነው።

ክሱ

ቮልፍዞን ለምን ሰይፎቹን ትታ ኤ-አርን መረጠች? የኔ ግምት ይህ ነው። ሰይፎቹ ማይሰን በየቀኑ የሚጠቀምባቸው ሕያው ምልክት ናቸው። እነሱን መኮረጅ በግልጽ ጠብ መፈለግ ነው። ኤ-አር ግን ከመቶ ዓመት በላይ ተኝቶ የኖረ ነው። ማንም አይጠቀምበትም። በዚያ ላይ ከሰይፎቹ የበለጠ ግርማ አለው፤ የንጉሥ ስም ነዋ።

ለረጅም ጊዜ ማስቆም ቀላል አልነበረም። ነገሩ የተለወጠው ጀርመን በ1874 የንግድ ምልክት ሕግ ስታወጣ ነው። ማይሰን በዓመቱ፣ በ1875፣ ሰይፎቹን በሕግ አስመዘገበ። ከዚያም ፊቱን ወደ ኮራጆቹ አዞረ። የቮልፍዞን ጉዳይ በፍርድ ቤት ያለቀው በ1870ዎቹ መጨረሻና በ1880ዎቹ መጀመሪያ ባሉት ዓመታት ነው። ኤ-አርን እንዳትጠቀም ተከለከለች።

ቤቷ ግን አልተዘጋም። በምትኩ ዘውድና ከሥሩ የድሬስደንን መነሻ ፊደል፣ ዲን፣ ያለበት ምልክት ያዘች። ሥዕሉ ያው ነው። ሲኒው ያው ነው። ቢጫው መደብም ያው ነው። በ1883 ደግሞ ሌሎች አራት የድሬስደን መሳያ ቤቶች በጋራ ሰማያዊ ዘውድና «ድሬስደን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ምልክት አስመዘገቡ። ዛሬ ለመርማሪ ትልቅ ጥቅም የሚሰጠው ቮልፍዞን ምልክቷን እንጂ ሥራዋን አለመለወጧ ነው። ከክሱ በኋላ የተሠራው ባለ ዘውዱ ሲኒና ከክሱ በፊት የተሠራው ባለ ኤ-አር ሲኒ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለ ኤ-አሩ ሲኒ ከማንኛውም ፊደል ይልቅ የሚመሰክረው ያ መመሳሰል ነው።

እዚህ ላይ ሴትዮዋን አጭበርባሪ ለማለት አልቸኩልም። ሱቋ በድሬስደን የታወቀ ነበር፤ የሚገዛውም ሰው አዲስ ዕቃ ከአዲስ ሱቅ ነው የሚገዛው። ምልክቱ ያለ አግባብ የተወሰደ መሆኑን ፍርድ ቤቱ ወስኗል፤ እሱ አያከራክርም። ሙሉ ማታለሉ የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛውና በሦስተኛው እጅ ነው። ደረሰኙ ጠፍቶ፣ አያት ሞተው፣ ሲኒው «ከድሮ ቤተሰብ የመጣ» ሲባል። ምልክቱን የጻፈው ሰው ሌላ፣ በምልክቱ የሚነግደው ሰው ሌላ ነው።

ለዚያ ሁለተኛ እጅ ደግሞ ባለ ዘውዱ ሲኒ የማይመች ዕቃ ነው፤ ራሱን ይናገራላ። ስለዚህ አንዳንዱ ምልክቱን በድንጋይ ፍቆ ያጠፋዋል። ይህ የሚታወቀው ሥሩን ወደ መብራት አጋድሞ በማየት ነው። ልባሱ ሙሉ በሙሉ ሲያንጸባርቅ አንድ ቦታ ላይ ክብ ወይም ሞላላ የሆነ ፈዛዛ ጠባሳ ይቀራል። ጣት ሲሄድበት ትንሽ ይይዛል። እዚያ ቦታ ላይ ወርቅ ወይም ትንሽ አበባ ተቀብቶበት ከተገኘማ ምኑን ልንገራችሁ።

የባሰው፦ ራሱ ፋብሪካው ሲደግመው

እስካሁን ያየነው ኮራጅን ነው። ኮራጅ ቢያንስ ስህተት ይሠራል፤ ዘመን ያጋጫል። አሁን ደግሞ ምንም ኮራጅ የሌለበትን ሁኔታ እንይ።

ዮሐን ዮአኪም ኬንድለር ማይሰን የገባው በ1731 ነው፤ እስከ ሞቱ እስከ 1775 ድረስ ሠርቷል። ከታወቁት ሥራዎቹ አንዱ የ1750ዎቹ «የዝንጀሮ ባንድ» ነው። ሰው የሚመስል ልብስና ዊግ ያደረጉ ዝንጀሮዎች መሣሪያ ሲጫወቱ የሚያሳዩ ትንንሽ ምስሎች ናቸው። ፋብሪካው የምስሎቹን ዋና ሞዴል ጠብቆ አቆየ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የድሮ ነገር እንደገና ሲወደድ እነዚሁን ዝንጀሮዎች በብዛት አወጣ። ዛሬም ያወጣል።

እንግዲህ አንዱ ዝንጀሮ ፊታችን ቆሟል። ዋሽንት ይዟል። ፋብሪካው እውነተኛ ነው፣ ሞዴሉ የኬንድለር ነው፣ ሰይፎቹም እውነተኛ ናቸው። «ኦርጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ?» ብሎ መጠየቅ እዚህ አይሠራም። ኦርጅናል ነው። ጥያቄው የ1755 ነው ወይስ የ1880 የሚለው ነው። የዋጋው ልዩነት ደግሞ የትየለሌ ነው።

መለኪያ እናውጣ ብንል ግማሽ መልስ ነው የሚሰጠን። ፖርሴሊን ሲተኮስ በግምት አንድ ስድስተኛ ያህል ይኮማተራል። የውጭ ኮራጅ ካለቀው ምስል ላይ በቀጥታ ቅርጽ ማውጫ ቢያነሣ፣ የሱ ዝንጀሮ እንደገና ይኮማተራል። ኦርጅናሉ 14 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሱ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ጥሩ ማጋለጫ ነው፤ ኮራጁ አስቦበት አስፍቶ ካልቀረጸው በቀር። ራሱ ማይሰን ሲደግመው ግን የሚነሣው ከዋናው ሞዴል ስለሆነ ቁመቱ ከድሮው ጋር ይቀራረባል። ሜትሩ የውጭውን ኮራጅ ይይዛል፤ ፋብሪካውን አይዝም።

ሥሩን እናገላብጥ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በምስሎች ላይ ሰይፎቹ ብዙ ጊዜ ትንንሽ ናቸው፤ የሚቀመጡትም በመቆሚያው የኋላ ጠርዝ ላይ ነው። አንዳንዱ ምስል ጭራሽ ምልክት የለውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ሰይፎቹ ተለቅ ብለው ከሥር፣ በግልጽ ቦታ ይቀመጣሉ። በክፍለ ዘመኑ ሁለተኛ አጋማሽና እስከ 1924 ድረስ በሰይፎቹ እጀታ ጫፍ ላይ ትንሽ ድቡልቡል ይታያል። ከ1924 እስከ 1934 ደግሞ በሁለቱ ስለቶች ጫፍ መካከል ነጥብ አለ። ይህ ሁሉ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን እነዚህንም ዝርዝሮች ኮራጅ እንደሚኮርጃቸው አትርሱ፤ መጽሐፉን እሱም ይገዛል።

ከሥር ሌላም ነገር ይገኛል፦ በእርጥብ ሸክላው ላይ የተጫረ ቁጥር። ይህ የሞዴሉ መዝገብ ቁጥር ነው። ፋብሪካው ሞዴሎቹን በሥርዓት መቁጠር የጀመረው በ1760ዎቹ ነው። ስለዚህ የ1755 ነው በተባለ ዝንጀሮ ላይ የተጫረ ቁጥር ሲታይ ቅንድብ መነሣት አለበት። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስህተት ያስቃልም ያሳዝናልም። ቁጥሮቹ ብዙ ጊዜ ባለ አራት አኃዝ ናቸው። በ17 የሚጀምር ቁጥር ያየ ሰው የተሠራበት ዓመት ይመስለዋል። «ዓመቱ ራሱ ተጽፎበታል!» ይላል። የተጻፈው በመዝገብ ውስጥ የሞዴሉ ተራ ቁጥር ነው፤ ያው ቁጥር ከመቶ ዓመት በኋላ በወጣው ላይም ይጫራል። ከሱ ጎን በማኅተም የተመታ ትንሽ ቁጥር ካለ ደግሞ ምስሉን የገጣጠመው ሠራተኛ መለያ ነው። እሱም ዓመት አይደለም።

ከዚያ ወደ ቀለሙ እንመለሳለን፤ ወርቁና አረንጓዴው እዚህም ይሠራሉ። በዝንጀሮው መቆሚያ ላይ ያሉት ቅጠሎች ክሮሚየም ካሳዩ ነገሩ ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን ያጋድላል። «ያጋድላል» ያልኩት በምክንያት ነው። ማይሰን ሥዕል የሌለበት ነጭ ዕቃም ይሸጥ ነበር፤ ከፋብሪካው ውጭ ያሉ ሠዓሊዎች ገዝተው ይስሉበታል። በ1755 ወጥቶ መቶ ዓመት ነጭ ሆኖ የኖረ፣ ከዚያ በድሬስደን ወይም በሌላ ቦታ የተቀባ ምስል ሊገጥም ይችላል። እዚያ ላይ ገላው የአንድ ዘመን ነው፣ ቆዳው የሌላ። ምልክቱም የሚናገረው ስለ ገላው ብቻ ነው። ፋብሪካው በነጭ የሸጣቸውንና ጉድለት ያገኘባቸውን ዕቃዎች ለመለየት በሰይፎቹ ላይ በመቁረጫ መስመር ይጭርባቸው ነበር። ሰይፎቹን አቋርጦ የሚያልፍ ጭረት ካለ አጉሊ መነጽር አውጡ። በአጠቃቀም የመጣ ጭረት ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። የፋብሪካው ጭረት ግን ቀጥ ያለ፣ ጥልቅ፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ «የማይሰን ሥዕል» ብሎ መሸጥ አይቻልም፤ ሻጮች ግን ሰይፉን ያሳያሉ፣ ጭረቱን ዝም ይላሉ።

ካታሎግ ላይ እንዴት ይጻፋል

ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ መስመር ጽሑፍ ይሆናል፤ ገዢ የሚያነበውም ያችን መስመር ነው። «ሰማያዊ የኤ-አር ምልክት ያለበት ሲኒ» የሚለው ሐረግ እውነት ነው። ምልክቱ አለበት። ሐረጉ ግን ዘመን አልጠቀሰም፣ ሠሪም አልጠቀሰም። ጠንቃቃ ካታሎግ ሁለቱን ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል፦ «ድሬስደን፣ የሄለና ቮልፍዞን መሳያ ቤት፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ፤ የኤ-አር ምልክት አስመስሎ የተጻፈበት»። ዓመት ሳይጠቀስ ምልክቱ ብቻ ጎልቶ ከተጻፈ፣ ሻጩ ዓመቱን ለምን እንደዘለለው በጽሑፍ ይጠየቅ። መልሱ ብዙ ጊዜ ከሲኒው ይበልጥ ያስረዳል።

ለዝንጀሮው ደግሞ ሁለት ቀን ያስፈልጋል። አንዱ ሞዴሉ የተፈጠረበት፣ ሌላው ይህ ምስል ከምድጃ የወጣበት። «ማይሰን፣ ኬንድለር በ1750ዎቹ በቀረጸው ሞዴል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራ» ከተባለ ገዢው የሚገዛውን ያውቃል። «ማይሰን፣ ኬንድለር፣ 1750ዎቹ» ብቻ ከተባለ ግን የሞዴሉ ዕድሜ ለምስሉ ተሰጥቷል። በዚህ ጊዜ ከሥር ያለው የተጫረ ቁጥርና የሰይፉ እጀታ በቅርብ ተነሥተው ፎቶው ይላክ። ፎቶው ከጎን በሚመጣ ብርሃን ይነሣ። ፊት ለፊት የሚመጣ ፍላሽ ፍቆ የማጥፋት ጠባሳውንም የፋብሪካውን ጭረትም ያጠፋዋል።